ለዘመድ የሰጡት የባንክ ውክልና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ጠቅላላ ውክልና ይዤ መጥቼ እንዴት ገንዘብ አትሰጡኝም?» በባንክ ቅርንጫፍ በሠራሁባቸው ዓመታት ከየትኛውም አቤቱታ ይበልጥ የሰማሁት ይህን ነው። ባለጉዳዩ ወረቀቱን ዘርግቶ ክቡን ማኅተም በጣቱ ይጠቁመኛል፤ እኔ ከማኅተሙ በላይ ያለውን ጽሑፍ አነባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለታችንም እውነት ነበረን። ማኅተሙ ትክክለኛ ነው፤ ጽሑፉ ግን ገንዘብ አውጣ አይልም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ለወንድም፣ ለእኅት፣ ለልጅ ወይም ለአጎት ልጅ ውክልና ሰጥተው ወረቀቱን ዳግም ማየት የፈለጉ ሰዎች የሚያነሷቸው ናቸው።

ውክልናው «ጠቅላላ» ነው። ታዲያ ተወካዩ ከሂሳቤ ገንዘብ ማውጣት ይችላል?

ሰዉ «ጠቅላላ» ሲል «ሁሉን የሚችል» ማለቱ ነው። ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተወካይን «እንደራሴ» ይለዋል፤ በቁጥር 2203 ደግሞ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ለመሥራት ሥልጣን እንደሚሰጥ ይደነግጋል። የአስተዳደር ሥራ ምን እንደሆነ ቀጣዩ ቁጥር ይዘረዝራል፤ ንብረት መጠበቅና ማደስ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ የሚሰበሰብ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈልና የመሳሰሉት ናቸው። ከዚህ አልፎ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም ማስያዝ፣ ስጦታ ማድረግ፣ መታረቅ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ መከራከር ቢያስፈልግ ቁጥር 2205 ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል።

ታዲያ ከባንክ ገንዘብ ማውጣት ከየትኛው ወገን ነው? ጠበቃ ይህን ጥያቄ ከሁለት ወገን ሊከራከርበት ይችላል። የኪራይ ገቢን አውጥቶ ግብር መክፈል አስተዳደር ነው ቢባል ያስኬዳል። የባንኩ የሕግ ክፍል ግን ክርክር ውስጥ መግባት አይፈልግም። ስህተት ቢፈጠር የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ «ገንዘብ ወጪ እንዲያደርግ» የሚል ግልጽ ቃል ይፈልጋል። የወረቀቱ ርዕስ ጠቅላላም ሆነ ልዩ፣ የሚያየው ውስጡን ነው። «ጠቅላላ የውክልና ሥልጣን» የሚል ርዕስ ኖሮት ከሥሩ የባንክ ሥራዎችን አንድ በአንድ የዘረዘረ ወረቀት ያለ ችግር ይሠራል። «ልዩ» ተብሎ ስለ ቤት ብቻ የሚያወራ ወረቀት ግን ባንክ ደጃፍ ላይ ይቀራል።

የእኔ ወረቀት «በባንክ ያለኝን ሂሳብ እንዲያንቀሳቅስ» ይላል። ይህ አይበቃም?

አንዳንዱ ጋ ይበቃል፣ አንዳንዱ ጋ አይበቃም። ስም ሳልጠራ አንድ ያየሁትን ጉዳይ ላንሳ።

ዱባይ የምትሠራ አንዲት እኅት ለወንድሟ በቆንስላ ጽሕፈት ቤቱ በኩል በ2013 ዓ.ም. ውክልና ሰጠችው። ያኔ ያሰበችው ስለ ቤት ኪራይ ነበር። ጽሑፉ «በስሜ ያለውን ንብረት እንዲያስተዳድር፣ ቤት እንዲያከራይ፣ ኪራይ እንዲቀበል፣ ግብር እንዲከፍል፣ በመንግሥትና በግል መሥሪያ ቤቶች እየቀረበ ጉዳዬን እንዲከታተል፣ በባንክ ያለኝን ሂሳብ እንዲያንቀሳቅስ» ይላል። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚሸጥ ቤት ተገኘ። ወንድምየው በሁለት ባንኮች ካለው ገንዘቧ 640,000 ብር በሲፒኦ ማሠራት ፈለገ።

አንደኛው ባንክ 180,000 ብሩን ወረቀቱን አይቶ፣ መታወቂያውን ኮፒ አድርጎ፣ ስልክ ደውሎላት ከፈለ። ሁለተኛው ወረቀቱን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ላከው። ከሦስት ቀን በኋላ የመጣው መልስ አጭር ነበር፦ «ማንቀሳቀስ» የሚለው ቃል ገንዘብ ወጪ ማድረግንና ሲፒኦ ማሠራትን ለይቶ ስለማይገልጽ ተወካዩ ግልጽ ሥልጣን ያለው ውክልና ያቅርብ። ወንድምየው ቅርንጫፉን አመስ አደረገው፤ አንዱ የከፈለበትን ወረቀት ሌላው እንዴት ይመልሳል ብሎ። ነገር ግን ቃሉን ረጋ ብላችሁ ስታዩት የሕግ ክፍሉ ነጥብ አለው። ሂሳብ ውስጥ ገንዘብ ማስገባትም ማንቀሳቀስ ነው፤ ደብተር ማሳደስም ነው። ከአንዱ ሂሳቧ ወደ ሌላው ሂሳቧ ማዛወርም እንዲሁ። ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ ለሦስተኛ ሰው መስጠት ግን ከእነዚህ ሁሉ የከበደ ነው። ውክልና የሚተረጎመው ደግሞ እየሰፋ ሳይሆን እየጠበበ ነው። ቃሉ አሻሚ ከሆነ ያልሰጡት ሥልጣን እንዳልሰጡት ይቆጠራል።

ለእኅትየዋ ይህ ጥበት ጥሩም መጥፎም ነበር። ቤቱን ለመግዛት አስቸገራት። በሌላ በኩል ግን ስለ ኪራይ ብላ የሰጠችው ወረቀት ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችውን ገንዘብ በሙሉ ለማውጣት ሊያገለግል ይችል እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው። ለካ በአንደኛው ባንክ በኩል በሩ ክፍት ኖሯል።

ታዲያ ምን ተብሎ ይጻፍ?

እያንዳንዱ የባንክ ሥራ የራሱ ግስ አለው። የሚፈልጉትን ይጻፉ፣ የማይፈልጉትን ይተዉ። እኅትየዋ በአዲሱ ውክልናዋ ያስጻፈችው በግምት እንዲህ ነበር፦ «በዚህ ባንክ፣ በዚህ ቅርንጫፍ፣ በቁጥር ይህን በሚለው የቁጠባ ሂሳቤ ገንዘብ ገቢ እንዲያደርግ፣ በደብተር ገንዘብ ወጪ እንዲያደርግ፣ በስሜ ሲፒኦ እንዲያሠራና እንዲረከብ፣ የሂሳብ መግለጫ ጠይቆ እንዲወስድ፣ ለእነዚህ ሥራዎች የሚያስፈልጉትን ቅጾች በስሜ እንዲፈርም።»

እዚህ ውስጥ የሌለውን ልብ ይበሉ። ሂሳብ መዝጋት የለም። አዲስ ሂሳብ መክፈት የለም። ቼክ መፈረም፣ መበደር፣ ሂሳቡን ለሌላ ሰው ብድር ዋስትና ማድረግ፣ ሞባይል ባንኪንግ ማስከፈት ወይም የሂሳቡን ስልክ ቁጥር ማስቀየር አንዱም የለም። ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ (ሕዝቡ ዛሬም «ውልና ማስረጃ» የሚለው) ወይም ኤምባሲ ሲሄዱ የተዘጋጀ ቅጽ ይሰጥዎታል። ብዙው ሰው እንዳለ ይፈርመዋል፤ ብድርና ማስያዝ ጭምር የተዘረዘረበት ቅጽ ከሆነ እነሱንም አብሮ ሰጠ ማለት ነው። ፈርመው ከሆነ አሁን አንብቡት፤ ካልፈረሙ ደግሞ አሰርዘው ያስተካክሉት።

አንድ ሐረግ በተለይ ይፈልጉ፦ «ሌላ ሰው እንዲወክልልኝ»። አብዛኛው ቅጽ ላይ አለ፤ የተጨመረውም በዋናነት ጠበቃ ለመወከል ታስቦ ነው። የማያስተውሉት ውጤት ግን ወንድምዎ ውክልናውን ለሚስቱ ወይም ለጓደኛው ሊያስተላልፍ መቻሉ ነው። ይህ ሐረግ ከሌለ ተወካዩ ሥራውን ራሱ መፈጸም አለበት። ካለ ደግሞ «ጠበቃ ለመወከል ብቻ» የሚል ገደብ ይኑረው።

የገንዘብ ጣሪያ ማስቀመጥ ይቻላል? ለምሳሌ በወር ከ20,000 ብር እንዳይበልጥ?

ይቻላል፤ ሥልጣኑን መወሰን የእርስዎ መብት ነው። ግን እንደ ባንክ ሠራተኛ የምነግርዎ ሌላ ነው፤ ወርሃዊ ጣሪያ ወረቀት ላይ ያምራል፣ መስኮት ላይ ይረሳል። ተወካዩ ዛሬ አንድ ቅርንጫፍ ሄዶ 15,000፣ ነገ ሌላ ቅርንጫፍ ሄዶ 15,000 ቢያወጣ፣ ሁለተኛው ሠራተኛ ውክልናውን መልሶ አንብቦ የወሩን ድምር ካላሰላ አይያዝም። የሚከፍለው ሰው የሚያየው ሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ መኖሩንና ሰውየው ሥልጣን ያለው መሆኑን ነው።

የበለጠ የሚሠራው ዘዴ ሂሳብ መለየት ነው። አንድ የቤት ወጪ ሂሳብ ይክፈቱ፤ ውክልናው ላይ የዚያን ሂሳብ ቁጥር ብቻ ያስገቡ፤ ተወካዩ እንዲያወጣ የሚፈልጉትን ያህል በየጊዜው ወደዚያ ይላኩ። ጣሪያው ያኔ ቃል ሳይሆን ቀሪ ሂሳቡ ራሱ ይሆናል። «በማንኛውም ባንክ ያለኝን ማንኛውንም ሂሳብ» የሚለው አባባል ግን ወደፊት የሚከፍቱትን ሂሳብ ሳይቀር ይጠቀልላል።

ስሜ ደብተሩ ላይና ውክልናው ላይ ትንሽ ይለያያል። ችግር ነው?

ከሁሉም በላይ ሰው የሚመላለስበት ይኸው ነው። ደብተሩ ላይ «ገ/መድኅን»፣ ውክልናው ላይ «ገብረመድኅን»፤ አንዱ ላይ «ኃይሉ»፣ ሌላው ላይ «ሀይሉ»። በአማርኛ ፊደል ያለ እንዲህ ያለ ልዩነት ከመታወቂያ ጋር ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ይታለፋል። የማይታለፈው የአያት ስም ሲጎድል ወይም ሲለወጥ ነው። ውጭ ያሉ ሰዎች ላይ ይህ ይበዛል፦ ሂሳቡን ሲከፍቱ በአባትና በአያት ስም ነበር፤ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሲሄዱ የባል ስም መጠሪያ ሆነ፤ ፓስፖርቱም በዚያው ወጣ። ውክልናው የተሰጠው በፓስፖርቱ ስም ነው፤ ባንኩ የሚያውቃት ሴት ግን ሌላ ናት።

ይህን ቀድሞ መከላከል ቀላል ነው። ውክልናው ሲጻፍ «በባንክ ደብተሬ ላይ እንዲህ ተብዬ የምጠራው» የሚል ሐረግ እንዲገባ መጠየቅ፣ ስሙ በሕግ የተለወጠ ከሆነም የጋብቻ ወይም የዜግነት ማስረጃውን ቅጂ አብሮ መላክ ነው። የተወካዩንም ስም እንዲሁ ከመታወቂያው ጋር ያስተያዩ። ቤተሰብ ውስጥ «አቤል» እየተባለ አድጎ መታወቂያው ላይ «አቤነዘር» የሆነ ወንድም ብዙ አይቻለሁ።

የማን ፊርማ ነው የሚመረመረው? ተወካዩ ውክልናው ላይ አልፈረመም።

የተወካዩ ፊርማ አለመኖሩ አያስጨንቅዎ። ውክልናውን የሚፈርመው ወካዩ ነው፤ አረጋጋጩ ሹም ፊት ቀርቦ፣ ማንነቱ ታይቶ። ተወካዩ በዚያ ሰዓት አጠገቡ ላይኖር ይችላል። የእሱ ፊርማ የሚያስፈልገው በኋላ ነው፤ ባንኩ የፊርማ ናሙናውን፣ ፎቶውንና የመታወቂያውን ቅጂ ወስዶ ከእርስዎ ፋይል ጋር ያያይዘዋል። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ሲያወጣ የሚመሳከረው ከዚያ ናሙና ጋር ነው። ስለዚህ ውክልናውን ለማየት ሲነሡ ባንኩን የሚጠይቁት ጥያቄ፦ «በሂሳቤ ላይ በአሁኑ ሰዓት የማን የማን ፊርማ ተመዝግቧል?» የሚል ነው። አንዳንዴ ከዓመታት በፊት የተወከለ ሌላ ዘመድ ስም እዚያው ተቀምጦ ይገኛል።

የእርስዎ ፊርማ ሁለት ቦታ አለ፤ ውክልናው ላይና ባንኩ ያለው የድሮ ናሙና ላይ። ሂሳቡን በተማሪነትዎ በአማርኛ ፈርመው ከፍተው ዛሬ ውጭ አገር በላቲን ፊደል የሚፈርሙ ከሆነ፣ ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። ውክልናው በሹም ፊት የተፈረመ መሆኑ ዋጋ አለው፤ ግን ሠራተኛው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ መጠርጠሩ አይቀርም፤ ያኔ ስልክ መደወል፣ ደብዳቤ መጻፍ ይመጣል። የደብተርዎን ፊርማ ካስታወሱ ውክልናውን በዚያው ፊርማ ይፈርሙ።

ወረቀቱን ራሱን ሲያዩ ደግሞ ገጹን ይቁጠሩ። ሁለት ገጽ ከሆነ ማኅተሙ ሁለቱም ላይ አለ? የምዝገባ ቁጥርና ቀን አለው? የአረጋጋጩ ስም ያለበት ቲተርና ፊርማ አለ? ስርዝ ድልዝ ካለ ጎኑ ላይ ተፈርሞበታል? ያለ ማኅተም የተሰካ ሁለተኛ ገጽ ላይ ሥልጣን ተዘርዝሮ ካየሁ ወረቀቱን ወዲያው ለሕግ ክፍል አስተላልፋለሁ። ባንኩ የሚጠራጠረውን ውክልና በምዝገባ ቁጥሩ መሠረት ለሰጠው መሥሪያ ቤት ጽፎ ያረጋግጣል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ተቀዶ ወይም ደብዝዞ ከሆነ ጊዜ ይፈጃል። እርስዎም እንደ ወካይ እዚያው መሥሪያ ቤት ሄደው የተመዘገበውን ቅጂ መጠየቅና ተወካዩ እጅ ካለው ጋር ቃል በቃል ማስተያየት ይችላሉ።

እናቴ መጻፍ ስለማትችል በጣት አሻራ ነው የወከለችኝ። ይሠራል?

ይሠራል፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 መጻፍ የማይችል ሰው በፊርማ ፈንታ አሻራ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። የማየት ወይም የማንበብ ችሎታ የሌለው ሰው ፊርማ ወይም አሻራ ግን ሥልጣን ባለው አረጋጋጭ ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ ሰውየውን አያስገድደውም። ስለዚህ ቤት ውስጥ በጎረቤት ምስክርነት አሻራ የተደረገበት ወረቀት ለባንክ ዋጋ የለውም። እናትዎ ራሳቸው መቅረብ፣ ጽሑፉም ሊነበብላቸውና ሊረዱት ይገባል። አሁን ውክልናውን ዳግም የሚያዩ ከሆነ እርስዎም አንብቡላቸው። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ነው እንዴ የሰጠሁህ?» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ይህን ጥያቄ ከባንክ ሠራተኛ ፊት ይልቅ ቤት ውስጥ መስማት ይሻላል።

ውክልና ጊዜው ያልፍበታል?

ወረቀቱ ላይ የማብቂያ ቀን ካልተጻፈ በዓመት ብዛት ብቻ አይሞትም። የ2005 ዓ.ም. ውክልና ዛሬም ሕይወት ሊኖረው ይችላል፤ ካልተሻረ፣ ተወካዩም ካልተወው፣ ሁለቱም በሕይወት ካሉ። ይሁንና ባንኮች ወረቀቱ ሲያረጅ ይጠነቀቃሉ፤ ላለመሻሩ ከሰጠው መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ አምጡ ይላሉ፤ ወይም ወካዩን በስልክ ማናገር ይፈልጋሉ። ተወካዩ «አልታመንኩም» ብሎ ሊከፋ አይገባም፤ የሚጠበቀው የእርስዎ ገንዘብ ነው።

የማብቂያ ቀን ከተጻፈ ግን የዘመን አቆጣጠሩን ይዩ። ከኤምባሲ የመጣ ወረቀት ላይ «እስከ 2/11/2018» ብቻ ተጽፎ አገኘሁ እንበል። በእኛ ከሆነ ሐምሌ 2 ቀን 2018 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ሐምሌ ወር 2026 ላይ ይውላል። በፈረንጅ ከሆነ ግን ኅዳር ወይም የካቲት 2018 ነው፤ ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ያልተጻፈበት ቀን ለሁለቱም ወገን ጠብ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ካለዎት አዲስ ያሠሩ፤ ወሩንም በፊደል ያስጽፉ።

ውጭ ሆኜ በኤምባሲ የሰጠሁት ውክልና በቀጥታ ባንክ ይሄዳል?

በአብዛኛው አይሄድም። መንገዱ ይህ ነው፦ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ቀርበው ይፈርማሉ፤ ዋናው ወረቀት (ኮፒው አይደለም) ወደ አገር ቤት ይላካል፤ ተወካዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወስዶ የኤምባሲውን ማኅተምና ፊርማ ያረጋግጣል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ጋ ያስመዘግባል። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይህ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ በክልሎች የፍትሕ መሥሪያ ቤቶች ይሠሩታል። በዋትስአፕ የተላከ ፎቶ ይዞ ባንክ መምጣት ጊዜ ማባከን ነው። የዱባይዋ እኅት አዲሱን ወረቀት በሚመጣ ሰው እጅ ልካ ሁሉም እስኪያልቅ ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ሻጩን ቀብድ ይዞ እንዲጠብቅ ማሳመን ነበረባቸው።

ውክልናውን ሽሬዋለሁ፤ ግን ገንዘብ አሁንም እየወጣ ነው። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ባንኩ ስላልሰማ ነው። መሻር የፈለጉ ጊዜ መብትዎ ነው፤ ምክንያት መስጠትም አያስፈልግም፤ ውክልናውን ወደ ሰጡበት ዓይነት መሥሪያ ቤት ሄደው የመሻሪያ ሰነድ ያሠራሉ። እዚህ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ መሻሪያውን አሠርቶ ቤቱ ያስቀምጠዋል። ሰነድ ማረጋገጫው ውስጥ የተመዘገበ መሻሪያ በራሱ ሄዶ የእያንዳንዱን ባንክ ፋይል አይዘጋም። ውክልናውን የተቀበለና መሻሩን ያልሰማ ባንክ በቅን ልቦና ለከፈለው ወካዩ ራሱ ሊጠየቅ የሚችልበት ሁኔታ በሕጉ አለ፤ መሻሩን ለሦስተኛው ወገን አለማሳወቅና ወረቀቱን ከተወካዩ እጅ አለመመለስ ሁለቱም እንደ ወካዩ ጥፋት ይታያሉ።

ስለዚህ በተሻረበት ቀን የመሻሪያውን ቅጂ በደብዳቤ ለቅርንጫፉ ያስገቡ፤ የእርስዎ ቅጂ ላይ «ደርሶናል» ተብሎ ቀንና ማኅተም ይደረግበት። ውክልናው ባንኩን ለይቶ ካልጠቀሰ ሂሳብ ላለዎት ባንክ ሁሉ ያስገቡ። ዋናውን ወረቀት ከተወካዩ ይቀበሉ። ውጭ ከሆኑ መሻሪያው እስኪደርስ ድረስ ቅርንጫፉን ደውለው ወይም በኢሜይል አስቀድመው ያስጠንቅቁ፤ ባንኩ ወረቀቱ እስኪመጣ እንዲጠነቀቅ ያደርገዋል።

አባታችን ካረፉ በኋላ በውክልናው ለቀብር ገንዘብ ብናወጣስ?

አይሆንም። በቁጥር 2232 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልናው በወካዩ ሞት ያበቃል፤ ችሎታ ማጣትም እንዲሁ። ሕጉ ጉዳዩ እንዳይጎዳ ተወካዩ ወራሾች እስኪረከቡ የጀመረውን ሥራ እንዲጠብቅ ያደርጋል፤ ይህ ግን በባንክ መስኮት ገንዘብ የሚያስወጣ ሥልጣን አይደለም። ባንኩ ሞቱን ከሰማበት ሰዓት ጀምሮ ሂሳቡን ይይዘዋል፤ ገንዘቡም የሚወጣው ከፍርድ ቤት በሚገኝ የወራሽነት ማስረጃ ነው። የአባቱ አስከሬን ገና ሳይቀበር በማግስቱ ጠዋት 90,000 ብር ያወጣ ልጅ ዓላማው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ በኋላ ግን ወንድሞቹ ስቴትመንቱን ከሞት የምስክር ወረቀቱ ቀን ጋር ያስተያዩታል። ለቀብሩ ዕድር አለ፤ ደረሰኝ ይዞ ከራስ ከፍሎ በኋላ ከውርሱ መጠየቅ ይቻላል።

ተወካዩ ያወጣው ገንዘብ የት እንደገባ እንዴት ልወቅ?

ተወካይ ስለ ሥራው ሂሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ዘመድ መሆኑ ይህን አያስቀርም። ከእሱ ከመጠየቅዎ በፊት ግን ውክልናው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ያለውን ስቴትመንት ከባንኩ ይውሰዱ። ሁለት ነገር ይፈልጉ፤ ወደ ተወካዩ የግል ሂሳብ የተዛወረ ገንዘብና ከወትሮው የተለየ ቁጥር። በእርስዎ ስም እየሠራ ለራሱ ማዛወር የጥቅም ግጭት ነው፤ ሕጉም በመልካም ዓይን አያየውም። ግን ወዲያው «በላኝ» አይበሉ፤ ጥሬ ገንዘብ ተሸክሞ ላለመሄድ በራሱ ሂሳብ አሳልፎ ግንበኛ የከፈለ ወንድምም አለ። ደረሰኙ ይለያቸዋል።

ሌላው ሰው የማያየው ነገር በሂሳቡ ላይ የተመዘገበው ስልክ ነው። የወጪ መልእክት በየጊዜው የሚደርሰው ለዚያ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ውጭ ሲሄድ የአገር ቤት ሲሙን ለወንድሙ ትቶለት ይሄዳል፤ ስለዚህ ገንዘቡ በወጣ ቁጥር መልእክቱ የሚደርሰው ገንዘቡን ላወጣው ሰው ነው።

የኤቲኤም ካርዴንና ቁጥሩን ከሰጠሁት ውክልና ያስፈልጋል?

ማሽኑ አይጠይቀውም፤ ገንዘቡን ይሰጠዋል። ግን ካርዱ በምስጢር ቁጥሩ ስለሚሠራ ባንኩ በመዝገቡ ላይ የሚያየው እርስዎ እንዳወጡት ነው። ያላወጡትን ገንዘብ «አላወጣሁም» ለማለት ያኔ ማስረጃ አይኖርዎትም።